ዐሥራ አንድ ደቂቃ በሐይቁ ዳር

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

ኦዲል ከሐኪም ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። የስድስት ሳምንት እረፍት። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችና ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ደክሞሻል አለኝ።»

«እሱን ለማወቅ ሐኪም ድረስ መሄድ ያስፈልጋል?»

ለማሳቅ ነበር። አልሳቀችም። ሚስቴ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ከስክሪን ፊት ተቀምጣ ስልክ ስትቀበልና መኪና ስትመድብ ኖራለች፤ ድካም ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ከዲሴምበር ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ዝምታ አለባት። ምን እንደሆነ ልጠይቃት አስቤያለሁ።

የእኔ ሥራም ተጨናንቋል። የምንሠራው የቪዲዮ ጌም ማርች 14 ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አንድ ድንጋይ እንኳ መጨመርም ማንሳትም አይቻልም። በካርታው ላይ ያሉት ምልክቶች በሙሉ የእኔ ኃላፊነት ናቸው። ዛሬ ስቆጥራቸው 1,140 ሆኑ፦ ማማዎች፣ የሽፍታ ካምፖች፣ ሣጥኖች፣ የፈረስ ውድድሮች፣ የጠፉ ደብዳቤዎች፣ ሁለት መቶ የንስር ላባ። አለቃችን ክሎቲልድ ጌሙ ውስጥ ከረግረጉ እስከ ወደቡ በእግሯ ሄዳ «ሃምሳ አምስት ሰከንድ ምንም አላገኘሁም» ብላ ጽፋልኛለች። ሕጋችን አርባ ሰከንድ ነው። ተጫዋች አርባ ሰከንድ ሄዶ ምንም ካላገኘ ይሰለቻል፤ ከሰለቸ ያጠፋዋል። የዐሥራ አምስት ሰከንድ ጉድለት አለብኝ።

ጃንዋሪ 12፣ እሑድ

ጠዋት ቡና ላይ «ጊስላን፣ አንድ ጌም ስጠኝ» አለችኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ከተጋባን ጀምሮ የእኔን ሥራ «መጫወቻ» ከማለት አልፋ አታውቅም።

«ምን ዓይነት?»

«ዝም ብሎ የሚኬድበት። ማንም ከእኔ ምንም የማይፈልግበት።»

ከሦስት ዓመት በፊት ያወጣነውን ከፈትኩላት። ሰፊ አገር ነው፤ ተራራ አለው፣ ደን አለው፣ ተጫዋቹ እንዳሻው ይሄድበታል። እሷ ግን መጀመሪያ የከፈተችው ካርታውን ነው። ለአፍታ አየችውና ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄማ ዓርብ ማታ ነው።»

«ምን ዓርብ ማታ?»

«የሥራ ስክሪኔ። ዓርብ ማታ ልክ እንዲህ ነው የሚሆነው። አንዱን ሳጠፋ ሁለት ይበራል።»

ምልክቶቹ ግዴታ እንዳልሆኑ፣ ካልፈለገች ልታልፋቸው እንደምትችል አስረዳኋት። «ሁሉም ላይ ቃለ አጋኖ አድርጋችሁበት?» አለች። እውነቷን ነው። ቢጫውን ቀለም የመረጥነው ዐይን ሊያልፈው እንደማይችል በሙከራ አረጋግጠን ነው። ይህን አልነገርኳትም።

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

አዲሱን ጌም ለሥራ ወደ ቤት ባመጣሁት ማሽን ላይ አዘጋጀሁላት። ቤተሰብ እንዲነካው አይፈቀድም። ሚስቴ ለማን ትነግራለች?

ያጠፋሁት፦ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ካርታ፣ ከላይ ያለውን ኮምፓስ፣ የተልዕኮውን ቀስት፣ «340 ሜትር ይቀራል» የሚለውን ቁጥር፣ የሚነሱ ዕቃዎች ላይ ያለውን ብልጭታ፣ በጠላቶቹ ዙሪያ ያለውን ቀይ መስመር፣ መካሪውን ጽሑፍ፣ «አዲስ ቦታ ተገኘ» የሚለውን ደወል፣ ስንት በመቶ እንደጨረሰች የሚነግረውን ቆጣሪ፣ የጆይስቲኩን ንዝረት። ዐሥር ነገር። ስክሪኑ ላይ አገሩ ብቻ ቀረ። በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ የራሳችንን ሰማይ እንዲህ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ኦዲል ሳትጠፋ በነፃነት እንድትዞር፣ ማየት ያለባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ጽፌ ስክሪኑ ሥር ለጠፍኩላት። ዐሥራ ሰባት ቦታ።

አነበበችው። «ነፃ ሽርሽር» አለች፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ከዚያ አጠፍ አጠፍ አድርጋ ኪሷ ከተተችው። ወደፊት ትጠቀምበታለች ብዬ እገምታለሁ።

ጃንዋሪ 15፣ ረቡዕ

ዛሬ ጀመረች። ከኋላዋ ሶፋው ላይ ተቀምጬ አየሁ። የተናገርኩት አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው።

«በግራ በኩል ዋሻ አለ።»

«እሺ።»

«ገባ በይ፣ ሣጥን አለው።»

«አልፈልግም ሣጥን።»

«ባትከፍቺውም ገብተሽ እይው፤ ብርሃኑ ቆንጆ ነው። አይ፣ አይ፣ በዚያ አትውጪ። ቢጫ የተቀባው ድንጋይ አይታይሽም? በእሱ ነው የሚወጣው።»

«ተራራ ላይ ማን ወጥቶ ነው ቢጫ የሚቀባው?»

እኛ ነን። የትኛው ገደል እንደሚወጣ ተጫዋቹ እንዲያውቅ ነው። እሱን የሚያጠፋ ቁልፍ አልሠራንም።

ሌላ ጉድ ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ተልዕኮ «አይናርን አግኘው» ይላል። አይናር የት ነው ያለው? መንደሩን ሁሉ ጠየቀች። አንዱ ስለ ዓሣ አወራላት፣ አንዷ ስለ ባሏ። የት እንዳለ የሚያውቀው ያጠፋሁት ቀስት ብቻ ነበር። ቀስቱ አለ ብለን ማንም ሰው «ወንዙን ይዘሽ ውረጂ፣ የተሰነጠቀው ጥድ ጋ ስትደርሺ ወደ ቀኝ» የሚል አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። ለዘጠኝ ዓመት ቀስት ስተክል ኖሬ ይህ ታይቶኝ አያውቅም። ተልዕኮውን ተወችው። አይናር ከፈለገ እሱ ይምጣ አለች።

አብሯት የሚሄደው ጓደኛ ገጸ ባሕርይ ግን አልተዋትም። ዘጠና ሰከንድ ከቆመች «ወደ ማማው ብንሄድ ሳይሻል አይቀርም» ይላል።

«ይሄ ሰውዬ ዝም አይልም?»

«ነገ አወጣልሻለሁ።»

«እሱን ነው ያልኩህ ብለህ ነው?» አለችኝ። ማንን እንዳለች አልገባኝም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው የሚናገር አልነበረም።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

ሰውዬውን አወጣሁት። ቤታችን ባለው ማሽን ላይ ያለው የጌሙ ቅጂ ከቢሮው የተለየ ሆኗል።

አሁን የምትጫወተው እኔ ቢሮ ስሆን ነው። ማታ «እንዴት ነበር?» ስላት «ጥሩ» ትላለች። የት ደረስሽ? «ወዲያ።» ወዲያ የሚባል ቦታ ካርታችን ላይ የለም። ምሳ ትበላለች ግን። ትናንት ራሷ ፓቴ ሺንዋ፣ የሥጋ፣ የበቆሎና የድንች ድርብርቡን፣ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ የድንቹ ፊት በደንብ ቀልቷል፣ በቆሎውም በዝቶበታል፣ እንደ ድሮው።

ፓኮም፣ አጠገቤ የሚቀመጠው የመረጃ ተንታኝ፣ «ከቤትህ የሆነ ሰው እየተጫወተ ነው» አለኝ። ረስቼው ነበር። የሥራ ማሽኖች በሙሉ ተጫዋቹ የት እንዳለ በየአምስት ሰከንዱ ወደ ቢሮ ይልካሉ። ካርታው ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሰው ብዙ የቆየበት ቦታ እየቀላ ይሄዳል።

«የቤትህን ማሽን ከመረጃው ላውጣው?» አለ።

ቆይ፣ ነገ እነግርሃለሁ አልኩት።

ጃንዋሪ 23፣ ሐሙስ

አልነገርኩትም። ሥራ በዛብኝ።

ሁለተኛው ስክሪኔ ላይ ካርታው ክፍት ነው። ለሥራም ይጠቅመኛል። ጠዋት 10:15 ከመንደሩ ወጣች። መንገዱን ትታ በደኑ ውስጥ ሄደች። ማንም በዚያ አይሄድም፤ እኔም አልሠራሁትም፣ ማሽኑ ራሱ የዘራቸው ዛፎች ናቸው። 10:52 ምዕራብ ያለው ሐይቅ ዳር ደረሰች። ቆመች። ዐሥራ አንድ ደቂቃ። ነጥቧ ቀላ። ከጎኑ «ተጫዋች ተቸግሯል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ደወልኩላት።

«ተቸገርሽ እንዴ?»

«ለምኑ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

«ደህና ነኝ። አንተስ ደህና ነህ?»

ነጥቧ መንቀሳቀስ ጀመረች፤ ከሐይቁ ወጣች። ጥሩ ጊዜ ነው የደወልኩት።

ጃንዋሪ 28፣ ማክሰኞ

አምስተኛ ጊዜ ሐይቁ ዳር። ረግረጉ ገና አልተሞላም። ክሎቲልድ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ጉሮሮዬን ያመኛል።

ፌብሩዋሪ 3፣ ሰኞ

ሐይቁ ዳር ምንም የለም። ከአርባ ሰከንዱ ሕግ ያመለጠው ምንም ተልዕኮ ስለማያልፍበት ብቻ ነው። ውሃ፣ ሸምበቆ፣ ማዶ ያለው ተራራ። እዚያ ለሰዓታት መቆሟ አሳዘነኝ። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ቤት ሠራሁላት።

ትንሽ የእንጨት ቤት ናት፣ ለእኛ ማሽን ብቻ። ከሐይቁ በስተ ምዕራብ፣ ጉብታው ጀርባ። መንገዷን ጠመዘዝኳት፤ ቤቷ የምትታየው የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ነው። ከፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር፣ ወደ ውሃው ዞሮ። ውስጥ ምድጃ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ። ምልክት የላትም። ደወል የላትም። ኦዲል ራሷ ታገኛታለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ ብዬ የሠራሁት ነገር ይህ ነው።

ፌብሩዋሪ 5፣ ረቡዕ

ወደ ምሥራቅ ሄደች።

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

ቤቷ ላይ ጭስ ጨመርኩ። ጭስ ከሩቅ ይታያል፤ የድሮ ዘዴ ነው። ምሥራቅ ሄደች።

ፌብሩዋሪ 7፣ ዓርብ

ዝይዎች አስገባሁ። ሐይቁ ዳር ስትቆም ዐሥራ ሁለት ዝይ ከአናቷ በላይ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ይበራሉ። ሰው የሚበር ነገር ሲያይ ይከተላል፤ ይህን በሙከራ አረጋግጠናል። ቆማ ዝይዎቹን አየቻቸው መሰለኝ፣ ምክንያቱም ነጥቧ ትንሽ ዞረች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሄደች።

በሰው ምርጫ ጣልቃ መግባት አልወድም።

ፌብሩዋሪ 10፣ ሰኞ

በምሥራቁ መንገድ ላይ ዛፍ ጣልኩ።

ፌብሩዋሪ 12፣ ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ 2:40 ላይ አገኘቻት። ከወንበሬ ተነሣሁ። ፓኮም ምን ሆንክ አለኝ። ነጥቧ ቤቷ በር ላይ ዘጠኝ ሰከንድ ቆመች። ከዚያ ማሽኑ ጠፋ።

ልቧ ተነክቶ ነው ብዬ ወዲያው ወጣሁ። ከዳቦ ቤቱ የምትወደውን የሜፕል ታርት ገዛሁ። ደረጃው በረዶ ይዞ ስለነበር ልወድቅ ነበር።

ወጥ ቤት ተቀምጣ ነበር፣ መብራት ሳታበራ።

«ያችን ቤት አንተ ነህ የሠራሃት።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አግዳሚዋ። በረንዳችን ላይ ወንበር ስታስቀምጥ እንደዚያ ነው ገደድ የምታደርገው።»

ደስ አለኝ። እንዲህ ታውቀኛለች ማለት ነው። ታርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ዛፉስ?» አለች።

«የቱ ዛፍ?»

«ጊስላን። ባለፈው ሳምንት መንገዱ ክፍት ነበር። ወደዚያ እንደምሄድ ማን ነገረህ?»

አላውቅም ብዬ ልዋሽ አሰብኩ። ሐሳቡን ሳልጨርስ ፊቴ ላይ አነበበችው።

«ታየኛለህ?»

አስረዳኋት። በየአምስት ሰከንዱ እንደሚላክ፣ የሁሉም ማሽን እንደሚልክ፣ ለእሷ ብቻ እንዳልሆነ። ሰላይ እንዳልሆንኩ። ሥራ ነው አልኩ። «ደግሞም ስም እኮ የለውም፣ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው» አልኳት።

መንገድ ላይ የቆሙ መኪናዎች ይነሡ የሚለው የበረዶ ጠራጊው ሳይረን ውጭ ሲጮኽ ይሰማል፤ መኪናችንን ማንሳት ነበረብኝ፣ አላነሳሁም።

«የእኔም ነጥብ ስም አልነበረውም» አለች። ዲሴምበር ውስጥ አንድ ስልክ መጣ። የደወለው ሰው አልተናገረም። እስትንፋስ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ወንድ ይሁን ሴት አታውቅም። ቦታውን የምታየው ስክሪኗ ላይ ባለች ነጥብ ነው። አውሎ ነፋስ ነበር፣ መኪናው ዘገየ። አርባ ደቂቃ ያችን ነጥብ እያየች «እየመጡ ነው፣ እዚሁ ነኝ» አለች። እስትንፋሱ ቆመ። ነጥቧ አልተንቀሳቀሰችም። ሌላ ስልክ ጠራ፣ አነሣችው። ስሙን ማንም አልነገራትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩ።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

እጄን ልዘረጋ ስል ተነሣች። «እዚያ ሐይቅ ዳር የምቆመው ማንም ስለማይጠራኝ ነበር» አለች። «ማንም የት እንዳለሁ ስለማያውቅ። አንተ ደግሞ ስልክ ትደውልልኛለህ፣ ተቸገርሽ እንዴ ትለኛለህ።»

ታርቱን ማንም አልበላውም።

ፌብሩዋሪ 13፣ ሐሙስ

ጠዋት ወደ እህቷ፣ ወደ ትሯ-ሪቪየር ከተማ ሄደች። አውቶቡስ ጣቢያ ላድርስሽ አልኳት። መንገዱን አውቀዋለሁ አለች።

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«አላውቅም። እንዳትደውልልኝ። እኔ እደውላለሁ።»

ፌብሩዋሪ 16፣ እሑድ

በረዶ፣ ቀኑን ሙሉ። በር መክፈት አይቻልም። የአተር ሾርባ ከጣሳ።

ከፋኝ። ሌላ የምጽፈው ነገር የለኝም። ልጎዳት ሳይሆን ላገኛት ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያደረግኩት፤ ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው ራሱ ደስ አላለኝም። ዲሴምበር ውስጥ ጠዋት ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ትቀመጥ ነበር። አየኋት። አይቼ ወደ ቢሮ ሄድኩ።

ፌብሩዋሪ 18፣ ማክሰኞ

ቤቷን አፈረስኳት። ዝይዎቹን አወጣሁ። ዛፉን አነሣሁ። ለመሥራት አንድ ሳምንት፣ ለማፍረስ አራት ደቂቃ። ካርታው ላይ ምንም ነጥብ የለም።

ፓኮምን የእኛን ማሽን ከመረጃው አውጣልኝ አልኩት።

«አሁን? ከሄደች በኋላ?»

መሄዷን ለማንም አልነገርኩም። ነጥቧ ስለጠፋች ነው ያወቀው።

ፌብሩዋሪ 20፣ ሐሙስ

ደወለች። አራት ደቂቃ። ሐኪሙ እረፍቱን ሌላ ስድስት ሳምንት አራዝሞላታል። የእህቷ ድመት ወልዳለች። ስለ እኔ አልጠየቀችም፤ እኔም ምንም አልጠየቅኩም። የት እንደተቀመጠች ለማወቅ እየሞከርኩ እንደነበር የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው፤ ከጀርባ የሚሰማውን ድምፅ እየለየሁ ነበር።

ፌብሩዋሪ 26፣ ረቡዕ

ፓኮም መረጃውን አውጥቶ አልጨረሰም። ሥራ በዝቶበታል። ይህን ሰበብ ከዚህ በፊት የሰማሁት መሰለኝ።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ትልቅ ስብሰባ። ክሎቲልድ ካርታውን ግድግዳው ላይ አወጣችው። አገሩ በሙሉ ሰማያዊና ቢጫ፤ በምዕራብ አንድ ቦታ ደም መስሏል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች። «ሠላሳ አንድ ጊዜ ተቁሞበታል፣ በአማካይ ዐሥራ አንድ ደቂቃ። ሰዎች እዚህ ሐይቅ ዳር እየመጡ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ይቆማሉ። ጊስላን፣ እዚህ ምን አለ?»

«ምንም።»

«እሱ ነዋ ችግሩ። የቆመ ተጫዋች የተቸገረ ተጫዋች ነው። እስከ ዓርብ አንድ ሣጥንና አንድ የጠፋ ደብዳቤ አድርግበት። ምልክቱን ትልቅ አድርገው፣ ከሩቅ እንዲታይ።»

1,141 እና 1,142። እሺ ማለት ሁለት ፊደል ነው። ለዘጠኝ ዓመት ስለው ኖሬያለሁ።

«አንድ ሰው ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ሰዎች አይደሉም። አንድ ሰው ነው። ባለቤቴ ናት።»

ፓኮም ጫማውን አየ። ክሎቲልድ መነጽሯን አወለቀች። የሥራ ማሽን ለቤተሰብ መስጠት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም ፈርመናል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅጂውን መለወጤን፣ ቤቷን፣ ዝይዎቹን፣ ዛፉን። ዝይዎቹ ላይ ስደርስ አንድ ሰው ሳቀ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

«ቆይ፣ ምን ቸግሯት ነው ታዲያ እዚያ የምትቆመው?» አለች ክሎቲልድ።

«አልቸገራትም። ቆማ ነበር፣ በቃ።»

«ዐሥራ አንድ ደቂቃ?»

«ብዙ አይደለም።»

ክሎቲልድ መጥፎ ሰው አይደለችም። ለትንሽ ጊዜ ቀዩን ቦታ አየችው። ከዚያ ሕጉን ጠቀሰች፦ ከውጭ ሰው የመጣ መረጃ አይቆጠርም፣ ይሰረዝ። ፓኮም እዚያው ሰረዘው። ቀዩ ቦታ ሰማያዊ ሆነ። በመረጃው መሠረት ወደዚያ ሐይቅ ማንም ሄዶ አያውቅም። ማንም ካልሄደበት ሣጥን አያስፈልገውም። አልፈን ወደ ረግረጉ ሄድን፤ ለእሱ ከሌላ ቦታ አንድ ሣጥን እንዲዛወር ተወሰነ።

ከስብሰባው በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ማሽኑን ነገ እመልሳለሁ።

ማርች 5፣ ረቡዕ

ማሽኑን መለስኩ። ክሎቲልድን አንድ ነገር ለመንኳት፤ የአይናርን ተልዕኮ። ቀስቱን ለሚያጠፋ ሰው መንደሩ ውስጥ አንድ አሮጊት መንገድ ብትነግረው። «ድምፅ መቅጃው አልቋል» አለች። በጽሑፍ ይሁን አልኳት። ጻፍኩት። «ወንዙን ይዘህ ውረድ። የተሰነጠቀ ጥድ ታያለህ። ካላየኸው አልፈኸዋል፣ ተመለስ።» ስጽፈው ጥድ እንደሌለ አስታወስኩ። ጥድ ተከልኩ፣ ሰነጠቅኩት።

ማርች 9፣ እሑድ

ኦዲል ተመለሰች። ሻንጣዋን ራሷ ወደ ላይ አወጣች። ታረቅን ማለት አልችልም። ጠዋት ሰላምታ አለ፣ ማታም አለ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጌም ተውሳለች። የድሮውን ትንሽ ማሽን ከቁም ሣጥን አውጥታ መኝታ ቤት አስገባች፣ በሩንም ዘጋች። የምን ጌም እንደሆነ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ፈልጌ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ።

ስለ ስብሰባው ልነግራት አስቤ ነበር። ብነግራት «ይኸው፣ ሐይቅሽን አዳንኩልሽ» ማለት ይሆንብኛል። ሌላ ዝይ። ተውኩት።

ማርች 14፣ ዓርብ

ተዘጋ። 1,140። ሻምፓኝ በወረቀት ብርጭቆ። ፓኮም «ሐይቋ ባዶዋን ወጣች» አለኝና ብርጭቆዬን ነካ አደረገው።

ማርች 17፣ ሰኞ

እራት ላይ «ዲሴምበር ላይ ስለነበረው ሰው ትንሽ ንገሪኝ» አልኳት። ምን ልንገርህ፣ ነገርኩህ እኮ አለች። ከዚያ ግን አወራች። አንድ ሰዓት ያህል። አላቋረጥኳትም። ምን ማድረግ እንዳለባት ሦስት ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፣ ሦስቱንም ከሾርባው ጋር ዋጥኳቸው።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ የመኝታ ቤቱ በር ክፍት ነበር።

በኮሪደሩ ሳልፍ «ግባ፣ ቁጭ በል» አለችኝ። «አንዲት ቃል ግን እንዳልሰማ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ሰዎች የሠሩት ትንሽ ጌም ነው። ሙዚቃ የለም፤ ነፋስና የእግር ድምፅ ብቻ። ካርታ አለ፣ ግን እሷ የት እንዳለች አያሳይም። ኮረብታውን ታያለች፣ ካርታው ላይ ከተሳሉት ኮረብታዎች ጋር ታስተያያለች፣ «ይሄ ይመስለኛል» ትላለች ለራሷ፤ አንዳንዴ ትሳሳታለች። ስትሳሳት የሚነግራት የለም። ጭኗ ላይ ደብተር አለ፣ በእርሳስ የራሷን ካርታ ትስላለች። ከኋላዋ ሆኜ አየሁት፦ «የማይረባ ድልድይ»፣ «እዚህ ደስ አለኝ»፣ «እንደገና ልመጣ»። ድንጋዮቹ ላይ ቢጫ ቀለም የለም። ሦስት ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትኩ። የምናገረው ነገር እንደሌለኝ ያወቅኩት ከከፈትኩት በኋላ ነው።

አንድ ሰዓት ገደማ እንደሄደች ጉም ወረደ። ኮረብታው ጠፋ፣ ማዶው ጠፋ፣ የራሷ ደብተርም አልረዳትም። ቆመች። በቀኝም በግራም ነጭ ነው።

«ባሕሩ በየት በኩል ነበር?» አለች።

ለራሷ መሰለኝ፣ ዝም አልኩ።

«አንተን ነው። ባሕሩ በየት ነው?»

ስክሪኑን አየሁ። ነፋሱን ሰማሁ። ይህን አገር አልሠራሁትም፣ አልቆጠርኩትም።

«አላውቅም» አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ፤ ደብቄ እንደሆነ ለማወቅ ዐይኔን ትንሽ ቆይታ ፈተሸችው። ከዚያ አልጋው ላይ ያለውን ትራስ ወደ ግድግዳው ገፋችና «ጫማህን አውልቅና ጠጋ በል» አለችኝ። ጉሙ እስኪነሣ ድረስ እዚያው ቆምን።